ሰባት ኪሎ የራስ፣ አርባ ስድስት ኪሎ የሰው

በኮሌጅ ፓርክ በአንድ አፓርታማ ወለል ላይ ሁለት ትልልቅ ሻንጣዎች ተከፍተዋል። አንዱም የተጓዧ አይደለም። በአንደኛው ውስጥ የእህት ልጆች ጫማዎች፣ ላፕቶፕ፣ የቪታሚን ብልቃጦችና አንዲት የሲልቨር ስፕሪንግ ወዳጅ ለእናቷ የላከችው የደም ግፊት መለኪያ አለ። ሁለተኛው በአሌክሳንድሪያ የሚኖሩ ዘመዶች ያሸጉት የአደራ ዕቃ ነው። በአልጋው ላይ የተቀመጠው ትንሽ ቦርሳ ብቻ የእሷ ነው። ከዱለስ ወደ አዲስ አበባ የሚበር የኢኮኖሚ ክፍል መንገደኛ በተለምዶ እያንዳንዳቸው 23 ኪሎ የሚመዝኑ ሁለት ሻንጣዎችን ያስጭናል፤ በእጁ ደግሞ 7 ኪሎ ይይዛል። ስለዚህ የጉዞው ሒሳብ ሲጠቃለል 46 ኪሎ የሰው፣ 7 ኪሎ የራስ ይሆናል።

ይህን ሒሳብ የተማረችው በጥፋት ነው። ተጓዧ የጤና ፖሊሲ ባለሙያ ናት። ባለፈው ጉዞዋ ለራሷ ልብስ የአንዱን ሻንጣ ግማሽ ወስዳ ነበር፤ ከባድ የክረምት ቦት ጫማ፣ የሱፍ ካፖርት፣ ሁለት ጂንስ ሱሪ፣ ለእያንዳንዱ ከተማ ለየብቻ የታሰበ ቀሚስ። በኤርፖርት ሚዛኑ 25 ኪሎ አለፈ። ከኋላዋ ሰልፉ እየረዘመ ሲሄድ ሻንጣውን ወለል ላይ ከፈተች፤ ከላይ ያገኘችውን ፌስታል አንስታ ለሸኛት ሰው ሰጠች። በፌስታሉ ውስጥ ለአክስቷ የተገዙ አራት ፓኮ የደም ስኳር መለኪያ ስትሪፖች እንደነበሩ ያወቀችው አዲስ አበባ ስትደርስ ነው። አክስቷ «ምንም አይደል ልጄ፣ አንቺ ከመጣሽ ምን ጎደለኝ» አሏት። ኋላ ግን ያለቻቸውን ጥቂት ስትሪፕ ለማብቃቃት ስኳራቸውን ሲያዞራቸው ብቻ ይለኩ እንደነበር ሰማች። ቦት ጫማውን በሁለቱ ሳምንታት ያደረገችው አንድ ቀን ነው። ከቀሪው ልብስ ብዙው ታጥፎ እንደሄደ ታጥፎ ተመለሰ።

በኢኮኖሚክስ ቋንቋ የአንድ ነገር እውነተኛ ዋጋ በእሱ ምክንያት የቀረው ነገር ነው። የቦት ጫማው ዋጋ ከዓመታት በፊት በሱቁ የተከፈለው ገንዘብ አልነበረም፤ የአክስቷ የብዙ ወራት የጠዋት ልኬት ነበር። የዘንድሮው ጥያቄ ታዲያ ጥቂት ልብስ ስለመያዝ ብቻ አይደለም። በ7 ኪሎ ውስጥ ሆኖ በአሥራ አራት ቀን አራት ዓይነት አየር የሚያሻግር ልብስ ምን ዓይነት ነው? መልሱ የሚጀምረው ከሻንጣው ሳይሆን ከአገሩ አቀማመጥ ነው።

የጉዞው መስመር ይህ ነው። የመጀመሪያዎቹ ሦስት ቀናት በአዲስ አበባ ለስብሰባ ናቸው። ቀጥሎ ሦስት ቀን በድሬዳዋና በሐረር፣ ከዚያ አንድ ቀን ተመልሶ በአዲስ አበባ፣ ከስምንተኛው እስከ አሥረኛው ቀን በባሌ ተራሮች፣ አንድ ሌሊት በሐዋሳ፣ ከዚያም ጥምቀትንና የስንብቱን ቀናት በአዲስ አበባ። መነሻው የጥር መጀመሪያ የሜሪላንድ ብርድ ነው።

በሜሪላንድ የለመደ ሰው ልብሱን የሚያስበው በወቅት ነው፤ የክረምት ልብስ ከሐምሌ ልብስ ጋር በአንድ ቁም ሣጥን ውስጥ ቢቀመጥም በአንድ ቀን አይለበስም። በኢትዮጵያ ከፍታ ቦታዎች ግን ሙቀት በዋናነት የሚለዋወጠው በከፍታና በሰዓት ነው። አባቶች ቆላ፣ ወይና ደጋ፣ ደጋና ውርጭ ብለው የከፈሉትም አገሩን ነው፤ ዓመቱን አይደለም። አየር በአማካይ በየ1,000 ሜትር ከፍታ 6.5 ዲግሪ ሴልሺየስ ያህል ይቀዘቅዛል። ድሬዳዋ በ1,200 ሜትር ገደማ ላይ ስትገኝ የባሌው የሳነቴ አምባ 4,000 ሜትር ይደርሳል። የ2,800 ሜትሩ ልዩነት በ6.5 ሲባዛ 18 ዲግሪ ገደማ ይሆናል። ስለዚህ በድሬዳዋ ከሰዓት በኋላ 28 ዲግሪ ቢሆን፣ በዚያው ሰዓት በሳነቴ 10 ዲግሪ አካባቢ ይጠበቃል።

በዚህ ላይ የሰዓቱ ልዩነት ይጨመራል። በበጋ ሰማዩ ጥርት ያለና አየሩ ደረቅ ስለሆነ ቀን የተከማቸው ሙቀት ሌሊት በፍጥነት ያመልጣል። በጥር በአዲስ አበባ የቀኑ ሙቀት ከ20 ዲግሪ አልፎ ንጋት ላይ ከ10 በታች ይወርዳል። በሳነቴ ደግሞ ሌሊቱ ከዜሮ በታች ነው፤ ጠዋት ሣሩ ላይ አመዳይ ይታያል። በአንድ ቦታ በጠዋትና በቀትር መካከል ያለው ልዩነት በዓመቱ ወራት አማካይ ሙቀት መካከል ካለው ይበልጣል። ለእያንዳንዱ ከተማ የተለየ ልብስ የሚያዘጋጅ ሰው የተሳሳተውም እዚህ ላይ ነው፤ አንዱ ከተማ ራሱ በአንድ ቀን ውስጥ ሁለትና ሦስት አየር አለው። የሚያስፈልገው በሰዓት የሚደረብና የሚወልቅ አንድ የልብስ ስብስብ ነው። እጅግ ለቀዘቀዘው ሌሊት አንድ ጊዜ ብቻ ይዘጋጃሉ፤ ከዚያ ወዲያ ወደ ሙቀት መውረድ ማለት ከላይ ያለውን ማውለቅ ነው።

ድርብርቡ አራት ክፍል አለው፤ እያንዳንዱም የራሱ ሥራ አለው። ከቆዳ ጋር የሚነካው ስስ የበግ ሱፍ ካናቴራ ላብን ከሰውነት ያርቃል፤ ለብዙ ቀናት ቢለበስም ቶሎ አይሸትም። በላዩ የሚደረበው ፍሊስ ሹራብ አየር ይዞ ያሞቃል። ሦስተኛው ወደ ጡጫ መጠን የሚታጠፍ የላባ ጃኬት ሲሆን በክብደቱ ልክ ከሁሉም የበለጠ ሙቀት ይሰጣል። ላባ ግን እርጥበት ሲነካው ተጣብቆ ሙቀቱን ያጣል። ስለዚህ አራተኛው፣ ንፋስና ዝናብ የሚከላከለው ስስ ጃኬት፣ ከሁሉ በላይ ይሆናል። በኮሌጅ ፓርክ የጥር ጠዋት አራቱም አብረው የሱፍ ካፖርቱን ቦታ ይይዛሉ። በድሬዳዋ ከአራቱ የሚቀረው ካናቴራው ብቻ ነው። በአዲስ አበባ ምሽት ካናቴራውና ሹራቡ ይበቃሉ። በሳነቴ ሌሊት አራቱም ተመልሰው ይመጣሉ፤ ከሥራቸውም ረጅም የሙቀት የውስጥ ልብስ ይጨመራል።

ይህ የሚሠራው ግን አራቱ በአንድ ላይ ሲለበሱ የሚመጣጠኑ ከሆነ ነው። ብዙ ሰው ስሱን ጃኬት በሱቅ የሚለካው በሸሚዝ ላይ ነው፤ ተራራ ላይ በላባው ጃኬት ላይ ሲደርበው ላባውን ይጨፈልቀዋል። የተጨፈለቀ ላባ አየር አይዝም፤ አየር የማይዝ ላባም አያሞቅም። ስለዚህ ከመሄዷ ከአንድ ሳምንት በፊት ሁሉንም ደርባ፣ ዚፑን ዘግታ፣ እጆቿን ወደ ላይ ዘርግታ ሞከረችው። ትከሻው ላይ ቢይዛት ኖሮ የሚለወጠው ስሱ ጃኬት ነበር።

ሁለተኛው ጉዳይ መቀላቀል ነው። በጉዞው ያሉት የላይ ልብሶች አራት ናቸው፤ አንዱ ተለብሶ የሚሄድ፣ ሦስቱ በቦርሳ። የታች ልብሶቹ ሦስት ናቸው፤ ተለብሶ የሚሄድ ጥቁር ሱሪ፣ ስስ ቡኒ ሱሪና ረጅም ጥቁር ጉርድ ቀሚስ። እያንዳንዱ የላይ ልብስ ከእያንዳንዱ የታች ልብስ ጋር ከሄደ አራት በሦስት ተባዝቶ 12 ዓይነት አለባበስ ይገኛል፤ ሹራቡ ሲደረብና ሲቀር ደግሞ 24 ይሆናል። ለዚህ የተከፈለው የቀለም ነፃነት ነው፤ ጥቁር፣ ቡኒ፣ ነጭና ግራጫ ብቻ።

በዚህ መካከል አንድ የምትወደው አበባማ ጉርድ ቀሚስ ነበር። ክብደቱ ከጥቁሩ ጋር እኩል ነው። ከአራቱ የላይ ልብሶች ግን የሚሄደው ከነጩ ሸሚዝ ጋር ብቻ ነው። ሦስት የታች ልብስ ላለው ሰው ከሁሉም ጋር የሚሄድ አራተኛ ቢጨመር አራት አዲስ አለባበስ ይፈጥራል፤ አበባማው የሚፈጥረው አንድ ነው። በተመሳሳይ ክብደት ሩብ ምርት ማለት ነው። ልብስን አንድ በአንድ የሚመዝን ሰው ይህን አያይም፤ ቀሚሱ ለብቻው ሲታይ ያምራል። የሚታየው እያንዳንዱ ልብስ ከቀሩት ሁሉ ጋር ሲቆጠር ነው። አበባማው ቀረ።

ከአየሩ ሌላ የማኅበራዊ ኑሮ አየር አለ፤ የብዙ የውጭ አገር መመሪያዎች ዝርዝርም የሚያጥረው እዚህ ነው። በኢትዮጵያ ሁለት ሳምንት የሚቆይ ሰው ስብሰባ፣ ቤተ ክርስቲያን፣ ምናልባትም ሠርግ ይገጥመዋል። ያልታሰበ ለቅሶ ደግሞ የተለመደ ነው። ይህን ሁሉ የሚያሟላው 300 ግራም የሚመዝን ነጠላ ነው። በቤተ ክርስቲያን በመስቀለኛ ይጣፋል፤ በለቅሶ ይዘቀዘቃል፤ በሐረር ፀሐይ ራስ ላይ ይጣላል፤ በአውሮፕላን ውስጥ የአንገት ልብስ ይሆናል። ሰው የሚያነበው የአለባበሱን መንገድ ስለሆነ አንድ ጨርቅ ብዙ ልብስ ነው። በጉዞው ሰባተኛ ቀን የአክስቷ ጎረቤት አረፉ። ጥቁሩ ቀሚስ፣ ጥቁሩ ሹራብና የተዘቀዘቀው ነጠላ ዝግጁ ነበሩ። በጥምቀት፣ ጥር 11 ቀን፣ ያው ነጠላ በነጩ ሸሚዝ ላይ ተጣፋ።

ጋቢ ግን ከኮሌጅ ፓርክ አልተነሣም። አራት ንብርብር ያለው ጥጥ ለደጋ ሌሊት ከማንኛውም ብርድ ልብስ አያንስም፤ ነገር ግን ይከብዳል፣ ቦርሳውንም ይሞላል። ደግሞም በአክስቷ ቤት ቁም ሣጥን ውስጥ እሷን የሚጠብቅ ጋቢ አለ። «ምናልባት» ተብሎ የሚያዝ ዕቃ ሁሉ የሚፈተነው በዚህ ነው። እዚያ በውሰት ይገኛል? በአንድ ቀን ይገዛል? ጃንጥላ፣ ሳሙና፣ ፎጣና ጋቢ ይገኛሉ፤ ስለዚህ ይቀራሉ። እግር የለመደው ጫማ፣ በሐኪም የታዘዘ መድኃኒትና መነጽር በአንድ ቀን አይተኩም፤ ስለዚህ ይያዛሉ። ወደ ባሌ ስትሄድ የአክስቷን ጋቢ በመኪናው የኋላ መቀመጫ ላይ አድርጋ ወሰደች።

ሚዛኑ ይህን አሳየ። ባዶው ቦርሳ 1,100 ግራም፤ በውስጡ ያለው ልብስ ሁሉ፣ ነጠላውን፣ ካልሲውንና ጓንቱን ጨምሮ፣ 2,800፤ ሰንደል ጫማ 450፤ የመታጠቢያ ዕቃ 600፤ ቻርጀርና ትንንሽ ነገሮች 550። የላባ ጃኬቱ፣ ስሱ ጃኬትና የተሸፈነው ጫማ በሰውነቷ ላይ ስለሚሄዱ አይቆጠሩም። በመጨረሻ የገባው የአክስቷ ስትሪፕና አዲስ መለኪያ ነው፤ 500 ግራም። ዘንድሮ ቦታቸው በእጅ ቦርሳ ውስጥ ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ያበላሻቸዋል፣ የተጫነ ሻንጣም ሊዘገይ ይችላል። ድምሩ 6 ኪሎ ሆነ። አንዱ ኪሎ ሆን ተብሎ ባዶ ተተወ። የቤትና የኤርፖርት ሚዛን ሁልጊዜ አይስማሙም፤ ለብቻው የተገዛ የአገር ውስጥ በረራ ቲኬትም የራሱ የክብደት ልክ ሊኖረው ስለሚችል ቲኬቱ ላይ የተጻፈው ይነበባል።

አራት የላይ ልብስ ለአሥራ አራት ቀን የሚበቃው በማጠብ ነው። ማጠብ ደግሞ የሚወሰነው በማድረቅ ነው። ፈተናው እዚያው ኮሌጅ ፓርክ ውስጥ ተደረገ፤ ልብሶቹ ማታ በእጅ ታጠቡ፣ ከተጨመቁ በኋላ በደረቅ ፎጣ ተጠቅልለው ተረገጡ፣ ከዚያ ከማሞቂያው ርቀው ተሰቀሉ። የሱፍ ካናቴራው፣ ፍሊሱና ስሱ ሱሪ ጠዋት ደርቀው ተገኙ። ጂንሱ ወገቡና ኪሱ ላይ ገና እርጥብ ነበር፤ በዚህ ብቻ ከዝርዝሩ ወጣ። በጉዞው ላይ የእጥበት ቀናት ሦስት ሆኑ፦ ሦስተኛው፣ ሰባተኛውና አሥራ አንደኛው። በአዲስ አበባ ውሃ በፈረቃ የሚመጣባቸው ሰፈሮች ብዙ ስለሆኑ ትክክለኛውን ቀን የወሰነው የአክስቷ ሰፈር የውሃ ፈረቃ ነበር፤ አንዱ እጥበትም በአንድ ቀን ተገፋ። ለዚህ ነው አራተኛው የላይ ልብስ ትርፍ ያልሆነው።

ዘዴው የበጋ ዘዴ መሆኑም መታወቅ አለበት። በጥር የአዲስ አበባ ፀሐይና ደረቅ አየር ልብስን ከቀትር በፊት ያደርቃሉ። በሐምሌና በነሐሴ ዝናብ ግን ጥጥ ለሁለት ቀን እርጥብ ሆኖ ይሰነብታል፤ ሻጋታም ይሸታል። ያን ጊዜ የሚሄድ ሰው ነጩን የጥጥ ሸሚዝ በሌላ ቶሎ በሚደርቅ መለወጥ፣ አንድ ካናቴራና ጥቂት ካልሲ መጨመር ይኖርበታል።

በበጋውም ሁሉም አልሰመረም። በሳነቴ የመጀመሪያው ጠዋት የሱፍ ካናቴራው በእጥበት ላይ ስለነበር ነጩን የጥጥ ሸሚዝ ከውስጥ ለብሳ ወጣች። ሽቅብ ስትሄድ አላበች፤ አምባው ላይ ንፋሱ ሲያገኛት ጥጡ ላቡን እንደያዘ ጀርባዋ ላይ ቀዘቀዘ፤ አራት ድርብ ለብሳም ተንቀጠቀጠች። ምልክቱ ግልጽ ነው፦ በእግር ሲሄዱ ሞቆ በቆሙ በአምስት ደቂቃ ውስጥ የሚበርድ ሰው የጎደለው ተጨማሪ ጃኬት አይደለም፤ ከቆዳው ጋር ያለው ልብስ እርጥብ ነው። ከመኪናው ጀርባ ሸሚዙን አውልቃ የሙቀት የውስጥ ልብሱን ስትለብስ ወዲያው ተሻላት። በማግስቱ ከላብ በፊት ሹራቡን ማውለቅ፣ ከመቆም በፊት መልበስ ጀመረች። ሁለተኛው ችግር ጫማው ነበር፤ የቀለጠው አመዳይ አረጠበው። ሌላ ዝግ ጫማ ስላልነበራት ሌሊቱን በጋዜጣ ሞልታ አደረቀችው፤ ምሽቱን በካልሲና በሰንደል አሳለፈች። አንድ ጫማ የዚህ ዕቅድ ደካማ ጎኑ ነው። ሁለተኛ ጥንድ የሚጠይቀው አንድ ኪሎ ግን ለሦስት የባሌ ቀናት ብቻ መሆኑን አስልታ እንደገናም ቢሆን አልይዝም አለች።

በአሥራ አራተኛው ቀን ሁለቱ ትልልቅ ሻንጣዎች በበርበሬ፣ በሽሮና ለሲልቨር ስፕሪንግ በተላኩ የሀበሻ ቀሚሶች ተሞልተው በሩ አጠገብ ቆሙ። አክስቷ ትንሽ ደብተር አምጥተው አሳዩዋት፤ ስትሪፑ ከደረሰ ጀምሮ የእያንዳንዱ ጠዋት ቁጥር በእርሳስ ተጽፏል። ሁለቱ ቁጥሮች ከፍ ያሉ ነበሩ፤ አንዱ የጥምቀት ማግስት ነው።

«ይቺን ደግሞ ያዢልኝ» ብለው የተቆላ ቡና አቀበሏት።

«እቴቴ፣ ሻንጣዎቹ እኮ ሞልተዋል።»

«ያቺ ትንሿስ?»

ትንሿን ቦርሳ በእጅ ሚዛኑ ላይ አንጠለጠለቻት። ስትሪፑና መለኪያው ወጥተው 5 ኪሎ ተኩል ነበረች። ቡናው አንድ ኪሎ ነው።